የቦዴ ሥዕል አነባበብ፤ ግብረ መልስ ያለው ዙር ከመወዛወዝ ምን ያህል ይርቃል?

(ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ቃል)



ዛሬ የምንነጋገረው በአንድ ወረቀት ላይ ስለሚሣሉ ሁለት መስመሮች ነው። መስመሮቹን መሣል ሁላችሁም በክፍል ውስጥ ተምራችኋል፤ ለፈተናም ሣላችኋል። ነገር ግን መሣል አንድ ነገር ነው፤ ከተሣለው ላይ ፍርድ መስጠት ሌላ ነገር ነው። አንድ መሐንዲስ የቦዴን ሥዕል ፊቱ ዘርግቶ «ይህ መሣሪያ ቢሠራ ይረጋል ወይስ ይወዛወዛል? ቢረጋስ በምን ያህል ትርፍ ነው የሚረጋው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱን የሚያገኘው የጌን ኅዳግና የፌዝ ኅዳግ ከሚባሉት ከሁለት ልኮች ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ አስቤአለሁ።

ምሳሌአችን ሳተላይት እየተከተለ የሚዞር የሳሕን አንቴና ነው። አንቴናውን ሞተር ያዞረዋል። ሳሕኑ የሚያመለክተውን አንግል አንድ መለኪያ ያነባል፤ የተነበበው ከተፈለገው አንግል ላይ ይቀነሳል፤ ልዩነቱ፣ ማለትም ስሕተቱ፣ በማጉያው በኩል አልፎ ሞተሩን ይነዳል። ግብረ መልስ ማለት ይኸው ነው። የማጉያውን ጌን ከፍ ባደረግን ቁጥር አንቴናው ሳተላይቱን በቅርብ ይከተላል። ስለዚህ ጌኑን ከፍ የማድረግ ፍላጎት ሁልጊዜ አለ። ጥያቄው እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ዙሩ ለምን እንደሚወዛወዝ እንይ። ዙሩን በአንድ ቦታ ቈረጥነው እንበል፤ በተቈረጠውም ጫፍ ላይ አንድ የሳይን ሞገድ እናስገባ። ሞገዱ በማጉያው፣ በሞተሩና በመለኪያው በኩል ዞሮ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ሲወጣ መጠኑ ተለውጧል፤ ጊዜውም ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህ ወደ ኋላ መቅረት በዲግሪ ሲለካ የፌዝ መቅረት እንለዋለን። እንግዲህ መቅረቱ በትክክል 180 ዲግሪ የሆነበት ፍሪኩዌንሲ ቢኖር፣ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ሞገዱ ተገልብጦ ይመለሳል። የተገለበጠ ነገር ሲቀነስ መደመር ይሆናል። ስሕተትን ሊያጠፋ የተዘረጋው ዙር በዚያች ፍሪኩዌንሲ ስሕተትን የሚያሳድግ ይሆናል ማለት ነው። የሚመለሰው ሞገድ ከተላከው ካነሰ ውዝዋዜው እየደከመ ይጠፋል። እኩል ከሆነ ማንም ሳይነካው ለዘላለም ይወዛወዛል። ከበለጠ ደግሞ አንድ ነገር እስኪሰበር ወይም ማጉያው ዐቅሙ እስኪያልቅ ድረስ እየገነነ ይሄዳል።

ይህን ችግር ከተጋፈጡት መካከል የስልክ መሐንዲሶች ይገኙበታል። በአሜሪካ የቤል ስልክ ላቦራቶሪ መሐንዲስ የነበሩት ሀሮልድ ብላክ የአሉታዊ ግብረ መልስን ማጉያ ያሰቡት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ነው። ማጉያው የድምፅን መዛባት እጅግ ቀነሰ፤ ነገር ግን አንዳንዴ ራሱን በራሱ ያፏጭ ነበር። በ1932 ሃሪ ናይኲስት ፉጨቱ መቼ እንደሚነሣ በሒሳብ አስረዱ። ከዚያም የዚሁ ላቦራቶሪ ሰው ሄንድሪክ ቦዴ ነገሩ በቀላሉ ተሥሎ የሚነበብበትን መንገድ አዘጋጁ፤ መጽሐፋቸውም በ1945 ታተመ። ዛሬ ሥዕሉን ኮምፒዩተር በቅጽበት ይሥለዋል፤ የሚያነበው ግን ሰው ነው።

ሥዕሉ ሁለት ክፍል አለው። በሁለቱም አግድም የተዘረጋው የፍሪኩዌንሲ መስመር በሎጋሪዝም ተከፍሏል፤ ማለት ከ1 እስከ 10 ያለው ርቀት ከ10 እስከ 100 ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው። ይህን አንድ ርቀት ዴኬድ እንለዋለን። በላይኛው ክፍል የዙሩ ጌን በዴሲቤል ይሣላል፤ በታችኛው የፌዙ መቅረት በዲግሪ። ዜሮ ዴሲቤል ማለት ሞገዱ በላክነው መጠን ተመለሰ ማለት ነው። ከዜሮ በታች ሲሆን አንሶ፣ ከዜሮ በላይ ሲሆን በልጦ ተመልሷል።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ልብ በሉ። የሚሣለው የተዘጋው ዙር ሳይሆን የተቈረጠው ዙር ነው። ብዙ ተማሪ የተዘጋውን ዙር ሥሎ በዚያ ላይ ኅዳግ ሲፈልግ ይታያል፤ ከዚያ የሚገኘው ቍጥር ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ አንቴናችን እንመለስ። የተቈረጠው ዙር ሒሳብ እንዲህ ነው እንበል፤

L(s) = K / (s(1 + 0.1s)(1 + 0.01s))

የመጀመሪያው s የመጣው ሞተሩ ፍጥነትን ወደ አንግል ስለሚያጠራቅም ነው። 0.1 ሰከንድ የሞተሩና የሳሕኑ ክብደት የሚያመጣው ዝግመት ነው። 0.01 ሰከንድ ደግሞ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ዝግመት ነው። K የዙሩ ጌን ነው። ሳተላይቱ በሰከንድ 1 ዲግሪ ቢሄድ አንቴናው የሚቀርበት ስሕተት 1/K ዲግሪ ይሆናል። K 10 ቢሆን ስሕተቱ 0.1 ዲግሪ ነው፤ K 50 ቢሆን 0.02 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራውን ያዘዘው ሰው 50 ይሁንልኝ ብሎ መጠየቁ አያስገርምም።

በ50 እንሣለው። በፍሪኩዌንሲ 1 ራዲያን በሰከንድ ጌኑ 34 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በያንዳንዱ ዴኬድ 20 ዴሲቤል እየወረደ በ10 ላይ ወደ 14 ይደርሳል። በ10 ላይ የክብደቱ ዝግመት ስለሚጀምር መስመሩ ይታጠፍና በዴኬድ 40 ይወርዳል። በ100 ላይ እንደገና ታጥፎ በ60 ይወርዳል። ይህ በማስመሪያ የሚሠመረው መስመር ነው። እውነተኛው ጌን በየመታጠፊያው ላይ ከማስመሪያው መስመር 3 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ በክብ ያልፋል፤ ይህች 3 ዴሲቤል ኋላ ታስፈልገናለች።

ፌዙ ደግሞ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ 90 ዲግሪ ቀርቶ ይጀምራል። በ10 ላይ 141 ይደርሳል፤ በ100 ላይ 219። ስለዚህ በመካከል አንድ ቦታ 180ን ያልፋል። ያ ቦታ የ10 እና የ100 ብዜት ካሬ ሥር ነው፤ ይኸውም 31.6 ራዲያን በሰከንድ ነው።

አሁን የጌን ኅዳግን እናንብብ። አነባበቡ ከታች ወደ ላይ ነው። በታችኛው ሥዕል ፌዙ 180 ዲግሪ የሚቀርበትን ነጥብ ፈልጉ፤ ከዚያ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይኛው ሥዕል ውጡና ጌኑ ከዜሮ ዴሲቤል ምን ያህል በታች እንደ ሆነ አንብቡ። በ31.6 ላይ ጌኑ ከዜሮ በታች ወደ 7 ዴሲቤል ገደማ ነው። ይህ የጌን ኅዳግ ነው። ትርጉሙም፣ ጌኑን በ2.2 እጥፍ ብናሳድገው ዙሩ ሳያቋርጥ መወዛወዝ ይጀምራል ማለት ነው። በእርግጥም በሒሳብ ብትፈትሹት የመጨረሻው ወሰን K = 110 ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ብዙ መጻሕፍት የጌን ኅዳግ ከ6 ዴሲቤል ባያንስ ይበቃል ይላሉ። የኛ ወደ 7 ነው። እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፎ «ደኅና ነው» ብሎ የሚፈርም ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ሁለተኛውን ንባብ እናንብብ።

የፌዝ ኅዳግ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው። በላይኛው ሥዕል ጌኑ ዜሮ ዴሲቤልን የሚያቋርጥበትን ነጥብ ፈልጉ። ከዚያ ወደ ታች ውረዱና ፌዙ 180 እስኪሞላ ድረስ ስንት ዲግሪ እንደ ቀረው አንብቡ። የማስመሪያው መስመር ዜሮን የሚያቋርጠው በ22 ላይ ሲሆን እውነተኛው ጌን በ21 ላይ ያቋርጣል። በ21 ላይ ፌዙ የቀረው 166.4 ዲግሪ ነው። እስከ 180 የተረፈን 13.6 ዲግሪ ብቻ ነው።

ይህ እጅግ ጥቂት ነው። በልምድ የሚፈለገው ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ነው። 13.6 ዲግሪ በአንቴናው ላይ ምን ሆኖ ይታያል? ትእዛዙን በድንገት በ10 ዲግሪ ብንለውጥ ሳሕኑ 10 ላይ አይቆምም፤ ወደ 17 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል፤ ተመልሶ ወደ 5 ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል። የሚያልፈው ወደ 70 በመቶ ገደማ ነው። ዙሩ በሒሳብ ቃል «የረጋ» ነው፤ ውዝዋዜው በመጨረሻ ይጠፋል። ነገር ግን የማርሹ ጥርሶች በያንዳንዱ ምልልስ ይመታሉ፤ ሳተላይቱም ከአንቴናው ዐይን ይጠፋል። የጌን ኅዳጉ ይህን ሁሉ አልነገረንም። ምክንያቱም ፌዙ ከ21 እስከ 31.6 ድረስ በ180 አጠገብ እየተንፏቀቀ ስለሚሄድ ነው። የጌን ኅዳግ አንዷን ነጥብ ብቻ ይለካል፤ መስመሩ ወደዚያች ነጥብ እንዴት እንደ ቀረበ አይናገርም።

ልምድ ያለው ሰው ግን ፌዙን ሳያይ እንኳ ከላይኛው ሥዕል ብቻ ይጠረጥራል። ቦዴ ያሳዩት ትልቁ ነገር፣ በብዙ ተራ ዙሮች የጌኑ ቁልቁለትና ፌዙ የተሳሰሩ መሆናቸው ነው። በዴኬድ 20 ዴሲቤል የሚወርድ ረጅም መስመር ወደ 90 ዲግሪ መቅረት አብሮት ይሄዳል፤ በ40 የሚወርድ ወደ 180። ስለዚህ ጌኑ ዜሮን በ20 ቁልቁለት ላይ ቢያቋርጥ፣ ከመታጠፊያውም ርቆ ቢሆን መልካም ነው። በ40 ቁልቁለት ላይ ካቋረጠ ተጠንቀቁ። የኛ ዙር ዜሮን ያቋረጠው በ40 ቁልቁለት መካከል ነው።

እንግዲህ ጌኑን እናውርደው። K ሲለወጥ የላይኛው መስመር ሙሉው ቅርጹን ሳይለውጥ ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ የፌዙ መስመር ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ እንደገና መሣል አያስፈልግም፤ የዜሮውን መስመር ማንቀሳቀስ ይበቃል። K ከ50 ወደ 10 ሲወርድ ላይኛው መስመር 14 ዴሲቤል ይወርዳል። የጌን ኅዳጉ ወደ 21 ዴሲቤል ያድጋል።

የፌዝ ኅዳጉን ስታነቡ ግን ያችን 3 ዴሲቤል አትርሱ። የማስመሪያው መስመር ዜሮን የሚያቋርጠው በትክክል በመታጠፊያው ላይ፣ በ10 ነው፤ በዚያ የሚነበበው ኅዳግ 39 ዲግሪ ነው። እውነተኛው ጌን ግን በዚያ ቦታ 3 ዴሲቤል ዝቅ ስለሚል ዜሮን ቀደም ብሎ በ7.8 ያቋርጣል፤ እውነተኛው ኅዳግ 47 ዲግሪ ነው። በማስመሪያ ማንበብ 8 ዲግሪ አሳሳተ ማለት ነው። ማቋረጫው በመታጠፊያ አጠገብ ሲወድቅ ሁልጊዜ እውነተኛውን ክብ መስመር ሣሉ።

በ10 አንቴናው ረጋ፤ ግን የመከተል ስሕተቱ አምስት እጥፍ ሆነ። ያዘዘው ሰው ይህን አይቀበልም። ስለዚህ K በ50 ይቆይና በማጉያው ፊት ፌዝን ወደ ፊት የሚያስቀድም ክፍል እንጨምር፤ ይኸውም (1 + 0.1s)/(1 + 0.01s) ነው። የላይኛው ክፍል የክብደቱን ዝግመት ይሰርዛል፤ በምትኩ በ100 ላይ ሌላ መታጠፊያ ያመጣል። አሁን ጌኑ ከ1 እስከ 100 ድረስ በ20 ቁልቁለት ብቻ ይወርዳል፤ ዜሮንም በ42 ላይ ያቋርጣል። የፌዝ ኅዳጉ 44 ዲግሪ ሆነ። ፌዙ 180 የሚቀረው በ100 ላይ ነው፤ የጌን ኅዳጉም 12 ዴሲቤል ነው። የመከተል ስሕተቱ 0.02 ዲግሪ እንደ ሆነ ቀረ። ዋጋ ግን አለው፤ ይህ ክፍል በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለውን ሁሉ እስከ 10 እጥፍ ያጎላል፤ የመለኪያው ጫጫታም አብሮ ይጎላል። ደግሞም የሳሕኑ ክብደት ቢለወጥ ስረዛው ፍጹም አይሆንም።

አሁን ወደ መጨረሻው፣ ብዙ ሰው ወደሚወድቅበት ነገር እንምጣ። ማጉያውን በኮምፒዩተር ተካነው እንበል። ኮምፒዩተሩ አንግሉን ያነባል፤ ያሰላል፤ ትእዛዝ ይሰጣል። በዚህ ሁሉ 20 ሚሊሰከንድ ያልፋል። ይህ የጊዜ መዘግየት ጌኑን በምንም አይለውጠውም። የላይኛው ሥዕል ከበፊቱ ጋር አንድ ነው፤ ቁልቁለቱም ያው 20 ነው። ቁልቁለትን አይቶ ፌዝን መገመት እዚህ ላይ ይከዳል። ፌዙ ብቻ ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር እየባሰ ይቀራል። የሚቀረው ዲግሪ ፍሪኩዌንሲው በመዘግየቱ ተባዝቶ፣ እንደገና በ57.3 ተባዝቶ ይገኛል። በ42 ላይ 20 ሚሊሰከንድ 48 ዲግሪ ያህል ያስቀራል። የነበረን ኅዳግ 44 ነበር። ስለዚህ ያ መልካም የመሰለን ዙር ኮምፒዩተሩ በተገናኘበት ቀን መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜውም እያደገ ይሄዳል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ልክ ይወጣል። የፌዝ ኅዳጉን ወደ ራዲያን ለውጡና ዜሮ በተቋረጠበት ፍሪኩዌንሲ አካፍሉት፤ ዙሩ ሊሸከም የሚችለውን መዘግየት በሰከንድ ታገኛላችሁ። ለሦስቱም ዙሮቻችን ብናደርገው፣ K 10 የሆነው 105 ሚሊሰከንድ ይሸከማል፤ K 50 የሆነው ባዶው ዙር 11 ብቻ፤ የተሻሻለው ደግሞ 18። ተመልከቱ፤ የተሻሻለውና K 10 የሆነው ዙር የፌዝ ኅዳጋቸው እጅግ የተቀራረበ ነው፤ 44 እና 47። የሚሸከሙት መዘግየት ግን ስድስት እጥፍ ያህል ይለያያል። ፈጣን ዙር በአንድ ዲግሪ ውስጥ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለዚያ አንቴና መፍትሔው ፈጣን ኮምፒዩተር ነው። መዘግየቱ 5 ሚሊሰከንድ ቢሆን የፌዝ ኅዳጉ 32 ዲግሪ፣ የጌን ኅዳጉም ከ12 ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ይህም ጠባብ ነው እንጂ ይቆማል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ሥዕሉ ዝም የሚልባቸው ቦታዎችም አሉ። ዙሩ ሳይዘጋ በፊት ራሱ ያልረጋ ከሆነ፣ ወይም ጌኑ ዜሮን፣ ፌዙም 180ን ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያቋርጡ ከሆነ፣ ሁለቱ ኅዳጎች ሊያሳስቱ ይችላሉ። አንዳንድ ዙር ጌኑ ሲቀነስ እንኳ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ማጉያው ዐቅሙ ሲያልቅ ደግሞ ጌኑ የተቀነሰ ያህል ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ናይኲስት ሥዕል መመለስ ግድ ነው።

ለላቦራቶሪ የሚሄዱትም ይህን ያዙ። በኦሲሎስኮፕ ስትለኩ ሞገዱን በትንሽ መጠን አስገቡ፤ ሞተሩ ዐቅሙ እስኪያልቅ ከገፋችሁት የምትለኩት ጌን ሐሰት ነው። የነጥቦቻችሁንም ብዛት ጌኑ ዜሮን በሚያቋርጥበትና ፌዙ 180 በሚሞላበት አካባቢ አብዙት፤ በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ጥቂት ነጥብ ይበቃል። ከዚያ በወረቀቱ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አስምሩ፤ አንዱን ከላይ ወደ ታች፣ አንዱን ከታች ወደ ላይ። በመስመሮቹ አጠገብ ዲግሪውን፣ ዴሲቤሉንና የሚሸከመውን ሚሊሰከንድ ጻፉ። ሦስቱ ቍጥሮች ሳይጻፉ ማንም ቢሆን ዙሩን ዝጉ ቢላችሁ አትዝጉ።